ለጡረታ ሽኝት «ታታሪና ቅን» ከማለት ሌላ ምን ልበል?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረሙ? በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ውስጥ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ 60 ዓመት ስለሞላቸው በሰኔ መጨረሻ በጡረታ ይሰናበታሉ። ሽኝቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ነው። አለቃዬ ‹አንቺ ጥሩ ትናገሪያለሽ› ብሎ ስለ እሳቸው አምስት ደቂቃ እንድናገር መደበኝ። ጽፌ ጽፌ የሚወጣኝ ግን ‹ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ፣ እንደ አባት የሆኑልን› ብቻ ነው። አምና የሸኘናቸውን ጸሐፊያችንንም ያወደስናቸው በዚሁ ቃል ነበር። መልሼ ሳነበው እኔኑ ያሳፍረኛል።

እውነቱን ለመናገር ብዙም አንቀራረብም። ዝምተኛ ናቸው፤ ስማቸው በስብሰባ ሲነሳ እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ። እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመቴ በደንብ ተጋጭተናል። 60 ካርቶን ወረቀት አስጭኜ መጥቼ፣ መኪናው እየጠበቀ፣ እያንዳንዱን ካርቶን ከፍቼ ካላየሁ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ አልቆርጥም አሉኝ። አንዱ ካርቶን ውስጥ አምስት ደስጣ መሆን ሲገባው አራት ተገኘ። አቅራቢው የጎደለውን በማግስቱ አመጣና ነገሩ አለቀ፤ ለአለቃዬም አልነገሩብኝም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ጥሩ ነው። እና ሌላ ሰው ይናገር ልበል ወይስ ምን ልጻፍ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ»

እህቴ፣ ሌላ ሰው ይናገር አትበዪ። የምትናገሪው ነገር በእጅሽ አለ፤ «እንዲያውም ተጋጭተናል» ብለሽ እንደ ዋዛ ያለፍሽው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ከዚያ ቀን ሌላ ምንም ባትናገሪ ጋሼን በአግባቡ ትሸኛቸዋለሽ።

ብዙም አለመቀራረባችሁ አያሳስብሽ። ስለ ሰው ለመመስከር ቤቱ ገብቶ ቡና መጠጣት ግድ አይደለም። እዚያ ቆመሽ ያየሽው ነገር አለ፤ ማየትሽ ይበቃል። እንዲያውም በጣም የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት፤ ትዝታው ስለሚበዛባቸው የቱን አንስተው የቱን እንደሚተዉ ግራ ይገባቸውና መጨረሻ ላይ «ቃላት ያጥሩኛል» ብለው ይቀመጣሉ።

የጻፍሽውን ወረቀት እንዳትቀጂው፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪበት። የጋሼን ስም አውጪና አምና የሸኛችኋቸውን ጸሐፊ ስም አስገቢበት። አንድም ቃል ሳይለወጥ ካስኬደ ያ ዓረፍተ ነገር ስለ ጋሼ አይናገርም ማለት ነው። «ታታሪ»፣ «ቅን»፣ «የማይተካ ሚና የነበራቸው»፣ «አሻራቸውን ያሳረፉ»፣ «እንደ ሻማ ቀልጠው ያበሩልን» የሚሉት ሁሉ በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ቃላቱ ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ጋሼ በእርግጥም ታታሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እነዚህን ቃላት በየሽኝቱና በየለቅሶው ስለሰማቸው ጆሮው አልፏቸው መሄዱ ነው። ጋሼም እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። «ያን ቀን 60 ካርቶን ሲከፍቱ ቆሜ አይቻለሁ» ስትዪ ግን ቀና ይላሉ፤ እሳቸውም ቀኑን ያስታውሱታላ።

አሁን ትዝታውን አብረን እንፍታው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ካርቶኑን መክፈታቸው ነው፤ ሁለተኛው ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ በአንቺ ላይ ወሬ አለማውጣታቸው ነው። የመጀመሪያው ጠንቃቃነታቸውን ያሳያል፤ ይሁንና ጠንቃቃ የሆነ ሌላ ንብረት ያዥም ያደርገዋል፣ ደንቡም ያዛል። ሁለተኛውን ግን ያዘዛቸው ደንብ የለም። አዲስ ሠራተኛ ነበርሽ፣ እየተቻኮልሽ ነበር፣ ምናልባትም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽባቸዋል። በማግስቱ አለቃሽ ቢሮ ገብተው «ይቺ ልጅ ሳትቆጥር ታመጣለች» ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። አላሉም። የንግግርሽ ክብደት እዚህ ላይ ይረፍ። ካርቶኑ ወደዚህ የሚያደርስሽ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። «አልነገሩብኝም» ስትዪ በምን አወቅሽ? አለቃሽ ራሱ «ምንም አልሰማሁም» ብሎሻል? ወይስ ጉዳዩን አንድም ቀን ስላላነሳብሽ ነው? ሁለተኛው ከሆነ እንዲያው ያወቅሽውን ያህል ብቻ ተናገሪ፦ «አለቃዬ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም» በዪ። እንዲህ ያለው ልከኛ አነጋገር ታሪኩን አያሳንሰውም፤ አዳማጩም ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል። እርግጠኛ ሳትሆኚ «ለማንም ትንፍሽ አላሉም» ብትዪና ከአዳራሹ አንዱ «እኔ ሰምቻለሁ» ቢል ግን ምስጋናው ወደ ክርክር ይዞራል።

ሌላም አለ። ያኔም አለቃሽ ይኸው ሰው ከነበረ፣ ጉድለት የነበረበት ዕቃ እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመድረክ ሊሰማ ነው። ሊስቅ ይችላል፤ በሰው ፊት እንዳላወቀ መታየቱ ደግሞ ቅር ሊያሰኘው ይችላል። ስለዚህ ከሽኝቱ በፊት ቢሮው ገብተሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪው። የአቅራቢውን ስም አታንሺ፤ ድርጅቱ ዛሬም ከእናንተ ጋር ይሠራ ይሆናል፣ የጎደለውንም በማግስቱ አምጥቷል። የምታመሰግኚው ጋሼን ነው፤ በዚያ ምስጋና ማንም ሌላ ሰው መጎዳት የለበትም።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ሰብስቢ። ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ ወስደሽ ስለዚያ ቀን የምታስታውሺውን ሁሉ፣ ሳታሳምሪ፣ ወረቀት ላይ አስፍሪ። ጠዋት ነበር ወይስ ከምሳ በኋላ? ካርቶኑ የተደረደረው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነበር ወይስ በር ላይ? በምን ነበር የሚከፍቱት፣ በቢላ፣ በቁልፍ ወይስ በእጃቸው? የጎደለው ካርቶን ስንተኛው ላይ ተገኘ፤ መጀመሪያ አካባቢ ነው ወይስ ሊያልቅ ሲል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉድለቱ ሲገኝ ምን አሉሽ? ዝም ብለውም ከሆነ ዝምታቸው ራሱ ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ ንግግሩ ውስጥ የሚገባው ሦስት ወይም አራት ብቻ ነው፦ አንድ ቦታ፣ አንድ በእጅ የሚያዝ ነገር፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ የእሳቸው ቃል። ከዚያ ከበዛ አዳማጩ የዕቃ መረከቢያ ሪፖርት የሚሰማ ይመስለዋል። የማታስታውሺውን አትሙይ። ስንተኛው ካርቶን እንደነበር ከጠፋሽ ተይው፤ ያሉሽ ቃል በትክክል ካልመጣልሽም «እንዲህ ያሉኝ ይመስለኛል» ማለት ይቻላል። ያን ቀን አብሮሽ የነበረ ሾፌር ወይም ወዛደር ካለ ጠይቂው፤ ሁለት ሰው ሲያስታውስ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሽኝቱ ላይ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። እነሱ ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ ካላወቁ ደግሞ አባታቸው ለምን መኪና እንዳስቆሙ አይገባቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሪላቸው፦ ይህ ደረሰኝ ከተቆረጠ ዕቃው ሙሉ በሙሉ እንደገባ ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ የሚጎድለው የሚጠየቀው ከንብረት ያዡ ነው። ያን ጊዜ የጋሼ «አልቆርጥም» ማለት ግትርነት እንዳልነበር ቤተሰቡም ይረዳል።

አሁን ሁሉም ሲገጣጠም እንዲህ ይመስላል። ክፍት የተውኩትን ቦታ አንቺ ሙይው፣ አነጋገሩንም በራስሽ አፍ ቀይሪው።

«የጋሼ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው የምናገረው። እዚህ መሥሪያ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት 60 ካርቶን ወረቀት ይዤ ጋሼ ዘንድ መጣሁ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይጣደፋል፣ እኔም እጣደፋለሁ። ሞዴል 19 ይቁረጡልኝ አልኳቸው። ሞዴል 19 ማለት ዕቃው ሙሉ ሆኖ ገብቷል ብሎ መፈረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ‹ሳልከፍት አልቆርጥም› አሉ። ተናደድኩ፣ ፊቴም ላይ ታይቷል። እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ አንድ በአንድ መክፈት ጀመሩ። አንዱ ካርቶን ውስጥ አምስት ደስጣ መሆን ሲገባው አራት ነበር። ቀና ብለው አዩኝና … (ያሉሽ ቃል እዚህ ይገባል)። የጎደለው በማግስቱ መጣ፣ ደረሰኙም ተቆረጠ። እኔ ግን ለሳምንት ያህል አለቃዬ መቼ ይጠራኛል እያልኩ ስጠብቅ ነበር። አልጠራኝም። እስከ ዛሬም አንስቶብኝ አያውቅም። ጋሼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ሳልቆጥር አስጭኜ አላውቅም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በሰው ፊት ሳያሳፍሩኝ ነው ያስተማሩኝ። አመሰግናለሁ።»

ልብ በዪ፣ «ታማኝ» ወይም «ቅን» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። «ለሳምንት ያህል ስጠብቅ ነበር» የሚለውን እኔ ነኝ የገመትኩት፤ ያን ስጋት ካልተሰማሽ አውጪው። «ሳልቆጥር አስጭኜ አላውቅም» የሚለውም እውነት ካልሆነ ይውጣ፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በሥራሽ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ መግባት አለበት። የአንድ ቀን ታሪክ «እና ምን ይሁን?» የሚያሰኘው በኋላ የመጣው ነገር ሳይነገር ሲቀር ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ታሪኩ ወደ አንቺ እንዳያደላ ነው። መናደድሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ እለፊው። «እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ አላውቅም ነበር፣ እንዲህ ሆኜ እንዲያ ሆኜ» እያልሽ ከቆየሽ ሰው አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፣ ጋሼም የአንቺ ታሪክ አጃቢ ይሆናሉ። ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ «እኔ» እና «ጋሼ» የሚሉትን ቆጥሪያቸው፤ «እኔ» በጣም ከበለጠ ከዚያ ቀንሺ።

ስለ አምስት ደቂቃውም እንነጋገር። ከላይ ያለው ቀስ ተብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረውን ለመሙላት ስትዪ እንደገና ወደ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ» እንዳትመለሺ እፈራለሁ። አብዛኛው ጥሩ ጅምር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ታሪኩ አልቆ ሰው ሊያጨበጭብ ሲል ተናጋሪው «በአጠቃላይ ጋሼ…» ብሎ የባዶ ቃላቱን ሰልፍ ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ተናግረሽ ብትቀመጪ ማንም አይቀየምሽም። አለቃሽ የግድ ይርዘም ካለ አንድ ሌላ ሰው ያየውን ጨምሪ። ጥበቃውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን ወይም ሾፌሩን ጠይቂ፤ ግምጃ ቤት በር ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። አጠያየቅሽ ግን ወሳኝ ነው። «ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ካልሽ «ኧረ ደግ ሰው ናቸው፣ የዋህ» የሚል መልስ ነው የሚመጣልሽ። «ጋሼ አንድ ቀን ምን ሲያደርጉ አይተህ ገረመህ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱ እስኪመጣ ዝም በዪ፤ ሰው ለማስታወስ ጊዜ ይፈልጋል። የሚመጣው ነገር ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ከማሸጊያው የተረፈውን ካርቶን አስተካክለው አጥፈው ለጽዳት ሠራተኛዋ ያቆዩላት እንደነበር። ያን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከነነጋሪው፣ ከወረቀቱ ታሪክ በፊት አስገቢው። ሦስተኛ አትጨምሪ። ሁለት ትዝታ አብረው ይቆማሉ፤ ሦስት ሲሆኑ ሰው መቁጠር ይጀምራል።

በዚያው ሰሞን አንድ የስጦታ ካርድ ዞሮ ሁሉም «መልካም የጡረታ ዘመን» ብሎ ይፈርምበት ይሆናል። አንቺ «ጋሼ፣ የዚያን ቀን የጎደለችውን አንድ ደስጣ አልረሳኋትም፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ጻፊ። ለካርድ ያ ይበቃል። የምስክር ወረቀቱን ግን በደንቡ ቋንቋ እንዲጻፍ ተይው፤ «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» የሚለው ቦታው እዚያ ነው።

ቀሪው የጋሼ ፈቃድ ነው። ዝምተኛ ሰውን በሰው ፊት ድንገት ማወደስ አንዳንዴ ከማክበር ይልቅ ማስጨነቅ ይሆናል፤ ስለ ስብሰባው ከነገርሽኝ ተነስቼ ጋሼ ከዚህ ዓይነት ሰዎች ይመስሉኛል። በዚህ ሰሞን የዓመቱ ቆጠራም ርክክብም ስላለባቸው ከግምጃ ቤቱ አይርቁም። ከሥራ ሰዓት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ብቻሽን ሂጂና «ጋሼ፣ ዓርብ ስለ እርስዎ እንድናገር ታዝዣለሁ። ያኔ በወረቀቱ የተጋጨነውን ባነሳ ቅር ይልዎታል?» በያቸው። ሙሉውን አታንብቢላቸው፤ ጉዳዩን ብቻ ይወቁት። ከሳቁ ወይም «ኧረ ያንን ታስታውሻለሽ?» ካሉ ፈቀዱልሽ ማለት ነው፤ የጠፋሽን ዝርዝር እግረ መንገድሽን ከራሳቸው ትሰሚ ይሆናል። ፊታቸው ከተለወጠ ወይም «ተይው ልጄ» ካሉ አንዴም ሳትከራከሪ ተይው፤ የጥበቃውን ወይም የሾፌሩን ትዝታ ወስደሽ በዚያው አሠራር ጻፊው። የወረቀቱን ነገር ደግሞ እዚያው ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ለእሳቸው ብቻ ንገሪያቸው። ለዚህ እስከ ረቡዕ ድረስ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ እንደገና ለመጻፍ አንድ ማታ ይተርፍሻል።